የአለቃው ጦጣ ጨጓራ

ሁለት ጦጣዎች ወንበር ላይ ታስረው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በየ20 ሰከንዱ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይመጣባቸዋል። እያንዳንዳቸው ፊት መጫኛ አለ፤ የአንደኛው መጫኛ በጊዜው ከተጫነ ንዝረቱ ለሁለቱም ይቀራል፣ የሌላኛው ግን ለይስሙላ የተቀመጠ ነው። ስድስት ሰዓት ሥራ፣ ስድስት ሰዓት እረፍት፣ ሌት ተቀን እንዲህ ቀጠለ። በ23ኛው ቀን የሚሠራው መጫኛ በእጁ የነበረው ጦጣ ሞተ፤ ሆዱ ሲከፈት ቁስል ተገኘበት። ጎኑ የነበረው ጦጣ ያው ንዝረት እኩል ደርሶበት ሆዱ ደህና ነበር።

ሙከራውን የሠራው ዋልተር ሪድ በተባለው የአሜሪካ ጦር የምርምር ተቋም የነበረው ጆሴፍ ብሬዲ ነው፤ ውጤቱን ያሳተመው በ1958 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ)። የሞተውን ጦጣ “ሥራ አስኪያጁ” ብሎ ሰየመው። ስሙ ለዘመኑ ተስማማ። ውሳኔ የሚበዛበት ሰው፣ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮ የሚያዋራ አለቃ፣ ጨጓራው ይቆስላል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የጨጓራ ሕመም የትልቅ ሰው ምልክት መሰለ። ዛሬም ሐኪሙ “ጭንቀት ቀንስ” ሲለው ደስ የሚለው ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም።

ንዴት ሆድ ድረስ እንደሚወርድ ግን ከብሬዲ በፊት በዓይን ታይቷል። በ1822 በአሜሪካ ማኪናክ ደሴት አሌክሲ ሴንት ማርቲን የተባለ የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ተቀጣሪ በጠመንጃ ተመታ። ዳነ፣ የጨጓራው ቀዳዳ ግን ሳይገጥም ቀረ። የጦር ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት ቁራሽ ሥጋ በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው እያስገባ፣ እየጎተተ እያወጣ፣ ምግቡ በስንት ሰዓት እንደሚፈጭ ለዓመታት መዘገበ። ሰውዬው ሲቆጣ የጨጓራው ግድግዳ መልኩ እንደሚለዋወጥና የምግቡ መፈጨት እንደሚዛባ ጽፎ በ1833 አሳተመ። የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ሴንት ማርቲን የቦሞንት ተቀጣሪ ነበር፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ይላላካል፣ በትርፍ ጊዜው ሆዱን ያስፈትሻል። ሐኪሙ የመዘገበው ንዴት የሥራ ንዴት ነበር ማለት ነው፤ ያናደደው ግን መዝጋቢው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ጦጣዎቹ ልመለስ። ሙከራው ትልቅ ስንጥቅ ነበረበት። ብሬዲ “ሥራ አስኪያጅ” የሚሆነውን በዕጣ አልመረጠም፤ በቅድመ ፈተናው መጫኛውን ቶሎ ቶሎ የሚጫነውን ነበር የሚሾመው። ከመነሻው እረፍት የለሾቹ ናቸው እንግዲህ ወደ ሹመቱ ወንበር የሄዱት። ጄይ ዋይስ የተባለ ተመራማሪ በ1970 ገደማ ሙከራውን በአይጦች ሲደግመው ዕጣ ጣለ። ውጤቱ ተገለበጠ። ንዝረቱን ማቆም የምትችለው አይጥ ሆድ በመጠኑ ሲቆስል፣ ከእሷ እኩል እየተነዘረች ምንም ማድረግ የማትችለው አይጥ ሆድ እጅግ የባሰ ቆሰለ። ልዩነቱ የንዝረቱ ብዛት አልነበረም፤ መጫኛው መሥራቱና አለመሥራቱ ነበር።

ለሰውም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር ከለንደን መጣ። ከ1967 ጀምሮ በ18,000 ገደማ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገውን ክትትል ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ ሲመረምሩ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ይልቅ በተላላኪዎቹና በበር ጠባቂዎቹ ዘንድ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህ ስለ ልብ እንጂ ስለ ጨጓራ አልነበረም፤ አለቃው ብቻ ነው የሚታመመው የሚለውን ተረት ግን አፈረሰው።

ከዚያ ባክቴሪያው መጣ። በአውስትራሊያ ፐርዝ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከሕመምተኞች ጨጓራ የወሰዱትን ናሙና ማሳደግ አቅቷቸው ነበር፤ ሳህኖቹን በሁለተኛው ቀን ነበር የሚጥሏቸው። በ1982 የፋሲካ በዓል መሀል ስለገባ ሳህኖቹ ተረስተው አምስት ቀን ቆዩ፤ ባክቴሪያውም በቀለ። ማርሻል በ1984 ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ጀመረው፣ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ባክቴሪያው፣ ኤች ፓይሎሪ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ክሊኒኮች ኮሪደር ሁሉ ሲጠራ የሚሰማ ስም ነው። ሕዝቡም ሐኪሙም “ጭንቀት አይደለም፣ ጀርም ነው” ብሎ መዝገቡን ዘጋ። የቸኮለ አዘጋግ ነበር። ባክቴሪያው በብዙ ሰው ሆድ ውስጥ አለ፤ የሚቆስለው ግን ጥቂቱ ነው። በ1995 የጃፓኗን ኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ ባክቴሪያው ሳይጨምር፣ ደም የሚያፈስ የጨጓራ ቁስል በዛ።

የማውቀው አንድ ሒሳብ ሠራተኛ አለ፤ አንድ ንግድ ድርጅት ውስጥ ነው። በሰኔ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሌሎች ክፍሎች ያላመጡትን ደረሰኝ እየጠየቀ፣ አለቃው ያልፈረመውን እያሳደደ፣ ለዘገየው ሁሉ ተጠያቂው እሱ ነበር። የሱም መጫኛ ለይስሙላ ነው። ጠዋት ራሱን ያመዋል፤ ግንባሩን እንደ ጠባብ ቆብ ይጨምቀዋል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ በባዶ ሆድ በቡና ይውጣል። ማታ አራት ሰዓት እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሆዱ ይቃጠላል። ዳቦ ሲጎርስ ረገብ ይልለታል፣ እንቅልፉ ግን አይመለስም። ነግቶ ራሱን ያመዋል፤ ክኒኑን ይውጣል።

ሦስት ሕመም መስሎት የነበረው አንድ ክብ ነበር። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ሆዱን ከአሲድ የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳሉ፤ ከኤች ፓይሎሪ ቀጥሎ ዋናው የቁስል መንስኤ እነሱ ናቸው። ከዚህም ሌላ፣ የራስ ምታት ማስታገሻ ከሦስት ወር በላይ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ምግብ ሲቀመስ የሚረግብ የሌሊት ቃጠሎ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ መቁሰሉን ይናገራል፤ ምሽቱና እኩለ ሌሊቱ አሲድ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ብሬዲም ቢሆን የጦጣዎቹ አሲድ የሚያሻቅበው በሥራው ሳይሆን ከሥራው በኋላ በእረፍቱ ሰዓት መሆኑን አይቶ ነበር።

ወዳጄ ያላስተዋለው ሰገራውን ነው። ሁለት ቀን እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው ለየት ያለ ሰገራ ነበረው፤ ያ ከላይ የፈሰሰ ደም ነው። ሦስተኛው ቀን ደረጃ ሲወጣ ራሱን አዙሮት የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ተቀመጠ። በቱቦ መመልከቻ ሲታይ ቁስሉ ተገኘ፣ ኤች ፓይሎሪውም። ሁለት ሳምንት መድኃኒት ወሰደ፣ ዳይክሎፌናኩን ተወ። አሲድ ቀናሹን ካቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንቲባዮቲኩ ካለቀም ወር ካለፈው በኋላ በሰገራ ተመረመረ፤ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ባክቴሪያው ሳይጠፋ የጠፋ ሊመስል ይችል ነበር። የደም ምርመራውን ሐኪሙ አልፈለገውም፤ ባክቴሪያው ከሄደም በኋላ ደሙ ለረጅም ጊዜ “አለ” ይላል።

ውጤቱ ነጻ ሆኖ ወጣ። ራስ ምታቱም ክኒኑን በተወ በሳምንታት ውስጥ አለዘበ። በቀጣዩ ሰኔ ሳገኘው ሆዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። ደህና ነው አለኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መንቃቱን ግን አልተወም፤ አሁን ቃጠሎ የለም፣ ዳቦም አይፈልግም፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ያልመጣውን ደረሰኝ ይቆጥራል።