በረዶ የሆነ ሥጋን ማቅለጥ

በፍሪዘር የቆየ ሥጋ ከመብሰሉ በፊት በረዶውን የሚለቅበት ሂደት ነው። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን አይገድልም፤ መራባቱን ብቻ ይገታል። ጠረጴዛ ላይ የተተወ ሥጋ መሃሉ ገና በረዶ ሳለ ላዩ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ያኔ ባክቴሪያው እንደገና ይራባል። ስለዚህ አስተማማኝ የሆኑት መንገዶች ሦስት ናቸው። ለምሳሌ 1.5 ኪሎ የሚመዝን ሙሉ ዶሮን እንውሰድ።

በፍሪጅ፦ ዶሮው ከ1 እስከ 2 ቀን ይፈጃል። ፈሳሹ ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ በጎድጓዳ ሳህን ተደርጎ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከቀለጠ በኋላም ፍሪጅ ውስጥ 1 ወይም 2 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ሳይበስል ወደ ፍሪዘር ቢመለስም ጉዳት የለውም።

በቀዝቃዛ ውሃ፦ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል፤ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ግን በ1 ሰዓት ይቀልጣል። ዶሮው ውሃ በማያስገባ ፌስታል ታስሮ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው በየ30 ደቂቃው ይቀየራል። ሙቅ ውሃ ላዩን ቶሎ ስለሚያሞቀው አይሆንም።

በማይክሮዌቭ፦ ለግማሽ ኪሎ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃል። ጠርዙ መብሰል ሲጀምር መሃሉ በረዶ ሊሆን ስለሚችል በየመሃሉ ይገለበጣል። ለሙሉ ዶሮ ሳይሆን ለተቆራረጠ ሥጋ ይመረጣል።

የዶሮው እግር መጋጠሚያው ላይ እንደልብ ከተንቀሳቀሰና ሆዱ ውስጥ በረዶ ካልተገኘ ቀልጧል ማለት ነው። በውሃ ወይም በማይክሮዌቭ የቀለጠ ሥጋ ወዲያውኑ መብሰል አለበት።