የቧንቧ መንጠባጠብ

የቧንቧ መንጠባጠብ የተዘጋ ቧንቧ ውሃ ሲያሾልክ የሚታይ ብልሽት ነው። እጀታው እየተሽከረከረ በሚዘጋ ቧንቧ ውስጥ ውሃውን የሚያግደው ጎሚኒ የተባለ ክብ ጎማ ነው። ጎሚኒው ሲያልቅ ወይም ሲደርቅ ቀዳዳውን በደንብ አይደፍንም። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ይባክናል፤ የ20 ሊትር ጀሪካን በ5 ቀን ይሞላል ማለት ነው።

'''አቀያየር'''

# በቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ ይዘጋል፤ ቧንቧው ተከፍቶ የቀረው ውሃ ይፈስሳል።
# ከእጀታው በታች ያለው አንገት በመፍቻ ወደ ግራ ተፈትቶ ይወጣል።
# ከጫፉ ላይ አሮጌው ጎሚኒ ተነሥቶ በልኩ የተገዛ አዲስ ይገባል።
# አዲሱ ጎሚኒ እንዳይጨፈለቅ እጀታው ወደ መክፈቻው አቅጣጫ ከዞረ በኋላ አንገቱ ይጠብቃል።

ከዚህ በኋላም ከአፉ ከተንጠባጠበ ጎሚኒው የሚያርፍበት የብረት መቀመጫ ተበልቷል። ውሃው የሚወጣው ከእጀታው ሥር ከሆነ ግን ችግሩ የዚህ ጎሚኒ አይደለም።