በትንንሽ ክሪፕቶ ሳንቲሞች ላይ በቅንጅት የሚፈጸም የዋጋ ማናር ከቻርቱ ቅርጽና ከማኅበራዊ ሚዲያው ጩኸት እንዴት ይለያል?

ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ላይ በአንድ የቴሌግራም ቻናል የአንድ ክሪፕቶ ሳንቲም ስም ወጣ። ሳንቲሙ ቢቪቢ ይባላል። የጀርመኑን የእግር ኳስ ክለብ የቦሩሲያ ዶርትሙንድን ደጋፊዎች በማሰብ የተፈጠረ፣ በኋላ ግን ፈጣሪዎቹ የተዉትና ክሪፕቶፒያ በተባለው መገበያያ ላይ ፈላጊ አጥቶ የቀረ ሳንቲም ነበር። ስሙ በወጣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የመጀመሪያው ግዥ ተፈጸመ። በ18ኛው ሰከንድ ዋጋው ጫፍ ላይ ደረሰ። ሦስት ደቂቃ ተኩል ሲሞላ ደግሞ ከተነሣበት ዋጋ በታች ወርዶ ነበር።

ይህን ክስተት በዝርዝር የመዘገቡት ጂያዋ ሹ እና ቤንጃሚን ሊቭሺትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ከሰኔ 2010 ዓ.ም እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም ባሉት ወራት ብቻ በቴሌግራም ቻናሎች የተቀነባበሩ 412 ተመሳሳይ ድርጊቶችን መርምረዋል። በዘርፉ ቋንቋ ድርጊቱ «ፓምፕ ኤንድ ደምፕ» ይባላል። ጥቂት ሰዎች አንድን ርካሽ ሳንቲም አስቀድመው በዝምታ ይገዛሉ፤ ቀጥሎ በጩኸት ሌላውን እንዲሻማ ያደርጋሉ፤ ዋጋው ሲንር የያዙትን በሚሻማው ሰው ላይ ያራግፋሉ።

ማጭበርበሩ ትልልቆቹን ትቶ ትንንሽ ሳንቲሞችን የሚመርጥበት ምክንያት ከገበያው ስስነት ይመነጫል። በትልቅ የእህል ገበያ አንድ ነጋዴ ሃምሳ ኩንታል ቢገዛ ዋጋው እምብዛም አይነቃነቅም። ሦስት ኩንታል ብቻ በቀረበበት የገጠር ገበያ ግን ሁለት ገዥዎች ቢሻሙ ዋጋው ወዲያው ይሰቀላል። በትንሽ ሳንቲም ላይም ሻጮች ያቀረቡት መጠን ጥቂት ስለሆነ፣ ጥቂት ሺህ ዶላር ዋጋውን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ሲወርድም እንደዚያው ነው፤ ከታች የሚጠብቁት ገዥዎች ጥቂቶች ናቸውና ሽያጩ ሲጀመር የሚይዘው ነገር የለም።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሳንቲም በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም (በዶላር መቶኛ) ይሸጣል እንበል። አቀነባባሪዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ አንድ ሚሊዮኑን በ10,000 ዶላር ይሰበስባሉ። ስሙ ሲታወጅ 500 ተከታዮች እያንዳንዳቸው 50 ዶላር ይዘው ይገባሉ፤ ድምሩ 25,000 ዶላር ይሆናል። በመሸጫው ሰልፍ ላይ የቆመው ግን አቀነባባሪዎቹ አስቀድመው ከፍ ባለ ዋጋ ያሰለፉት የራሳቸው ሳንቲም ነው። በአማካይ በሁለት ተኩል ሳንቲም ሁሉንም ቢሸጡ 25,000 ዶላሩን በሙሉ ይወስዳሉ፤ ትርፋቸው 15,000 ዶላር ነው። አሁን ሳንቲሙን የያዙት 500ዎቹ ናቸው። ከታች በግዥ ትእዛዝ የሚጠብቀው ገንዘብ 2,000 ዶላር ብቻ ከሆነ፣ ሁሉም ቢሸጡ የሚከፋፈሉት እርሱን ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው «የገበያ ዋጋ» የመጨረሻው ግብይት ዋጋ በሳንቲሞቹ ብዛት ተባዝቶ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ የዚያን ያህል ገንዘብ በገበያው ውስጥ አለ ማለት አይደለም።

ይህ ሂደት በዋጋ ቻርት ላይ አሻራ ይተዋል። በመጀመሪያ ረጅም ጠፍጣፋ መስመር ይታያል፤ ሳንቲሙ ለሳምንታት ወይም ለወራት የተረሳ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ለዓይን ብዙም የማይጎላ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ምልክት ነው። ምንም ዜና ሳይኖር የግብይት መጠኑ ከወትሮው ከፍ ይላል፤ ዋጋውም እንደ ደረጃ በትንሽ በትንሹ ይወጣል። አቀነባባሪዎቹ የሚሰበስቡበት ጊዜ ይህ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ተመራማሪዎችም የትኛው ሳንቲም ተራው እንደሚደርሰው አስቀድሞ ለመገመት የሞከሩት እንዲህ ያሉ የቅድመ ማስታወቂያ እንቅስቃሴዎችን በማየት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ክፍል ይመጣል። ቻርቱ በአንድ ደቂቃ ልክ ሲታይ አንድ ወይም ሁለት ረጃጅም አረንጓዴ «ሻማዎች» ብቻ ቆመው ይታያሉ፤ ከሥራቸው ያለው የግብይት መጠን አሞሌም ከቀደሙት ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ግንብ ያህላል። ወዲያው ቀያዮቹ ይከተላሉ። ቻርቱ በቀን ልክ ሲታይ ግን ይህ ሁሉ ወደ አንዲት ሻማ ይጠቀለላል፤ አካሏ አጭር ነው፣ ከአናቷ ላይ ግን ረጅም ቀጭን ክር ወጥቶ ይታያል። ክሩ ዋጋው እዚያ ደርሶ እንዳልቆየ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ሰው ስለማያውቀው ሳንቲም ሲነገረው የዓመቱን የቀን ቻርት ከፍቶ እንዲህ ያሉ ክሮችን ቢፈልግ ብዙ ይማራል። በጠፍጣፋው ሜዳ ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ክር ከተገኘ፣ ሳንቲሙ ከዚህ በፊትም ለዚሁ ሥራ ውሎ ሊሆን ይችላል።

ቅርጹ ሁልጊዜ በደቂቃዎች አያልቅም። ታዋቂ ሰዎች ተከፍሏቸው የሚያስተዋውቁት ዓይነት ለቀናት ሊዘልቅ ይችላል፤ መስመሩ በመጀመሪያ ዘንበል ብሎ፣ ከዚያ እየቀና ይወጣና በድንገት ገደል ይገባል። ተከፋይ አስተዋዋቂ መኖሩን ተመልካች ማወቅ ይቸግረዋል። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ኪም ካርዳሺያን ኢቴሪየምማክስ የተባለውን ሳንቲም በኢንስታግራም ለማስተዋወቅ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ሳትገልጽ መቅረቷን አስታውቆ ነበር፤ እርሷም ጥፋቱን ሳታምን ወይም ሳትክድ 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች።

የግብይት መጠኑም ራሱ ሐሰት ሊሆን ይችላል። አንድ አካል በሁለት እጁ ለራሱ እየሸጠ ከራሱ ይገዛል፤ ገበያው የደራ ይመስላል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ይህን ለመያዝ ኔክስፈንድኤአይ የተሰኘ ሳንቲም ራሱ ፈጥሮ ወጥመድ አድርጎ ነበር። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው በዚህ ምርመራ 18 ሰዎችና ተቋማት ተከስሰዋል፤ ከተከሰሱትም መካከል ሰው ሠራሽ ግብይትን እንደ አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች ይገኙበታል። እንዲህ ያለው ግብይት ሌሊትና ቀን ሳይለይ በእኩል መጠን ይፈስሳል፤ በርካታ ግብይት ታይቶም ዋጋው ብዙ አይንቀሳቀስም።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ የተለመደው የቴሌግራም አካሄድ ቆጠራ ነው። «ነገ ማታ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መገበያያ» ይባላል፤ የሳንቲሙ ስም ግን ይደበቃል። ቆይቶ «ሦስት ሰዓት ቀረው»፣ «አሥር ደቂቃ ቀረው» ይላል። ስሙ ሲወጣ አንዳንዴ በጽሑፍ ፋንታ በተዛባ ፊደል በተሠራ ሥዕል ይቀርባል፤ በኮምፒውተር የሚገዙ ሰዎች እንዳይቀድሙ ነው ይባላል። የሚቀድሙት ግን ቀድሞውኑ ገዝተዋል። ብዙ ቻናሎች ተጨማሪ ለከፈለ ወይም ብዙ ሰው ለጋበዘ አባል ስሙን በሰከንዶች ቀድመው ይሰጣሉ። ይህ ጥቅም ከሌላው አባል ኪስ እንደሚወጣ በግልጽ የተነገረ ያህል ነው፤ ያም ሆኖ እንደ ሽልማት ይቀርባል።

ተራው አባል በምን ያህል ፍጥነት ሊገባ እንደሚችል ማሰብ ይጠቅማል። መልእክቱን ማንበብ፣ ወደ መገበያያው መሻገር፣ ስሙን መፈለግ፣ መጠን ማስገባት፣ ማረጋገጥ። ኔትወርኩ ፈጣን ቢሆን እንኳ 18 ሰከንድ ለዚህ አይበቃም። በቢቪቢ የታየው ጫፍ ከዚያ በኋላ ለደረሰ ሰው አልፎ ነበር።

ቅንጅት መኖሩን የሚያጋልጡ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር፣ ከነስሕተቱ፣ በተለያዩ ስሞች ይለጠፋል። የትርፍ ፎቶዎች ይጎርፋሉ፤ ስለ ሳንቲሙ ሥራ የሚናገር ግን የለም። የሚጠይቅ ሰው ይባረራል፤ ወይም አስተያየት መስጫው ይዘጋል። ዋጋው ከወደቀ በኋላ ደግሞ «አትሽጡ፣ ሁለተኛው ማዕበል እየመጣ ነው» የሚለው ይከተላል። ይህ መልእክት ሻጮችን ከሰልፉ ስለሚያስወጣ ገና ያልጨረሱት አቀነባባሪዎች ቀሪውን ለመሸጥ ጊዜ ያገኛሉ።

ቻርቱንና ጩኸቱን ማገናኘት የሚቻለው በሰዓት ነው። ብዙ ቻርቶች ጊዜን በUTC ያሳያሉ፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ የተለጠፈበትን ደቂቃ በቻርቱ ላይ ፈልጎ ከእርሱ በፊት ያሉትን ሰዓታትና ቀናት መመልከት ያስፈልጋል። የግብይት መጠኑ ከማስታወቂያው በፊት አድጎ ከተገኘ፣ ዜናውን ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸው ያስጠረጥራል። ሳንቲሙ በኢቴሪየም ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኢተርስካን በተባለው ገጽ «Holders» በሚለው ሥር ማን ምን ያህል እንደያዘ ይታያል። አሥር አድራሻዎች አብዛኛውን ይዘው ከሆነ ማራገፍ ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ትልቁ አድራሻ የብዙ ደንበኞችን ሳንቲም የያዘ መገበያያ ሊሆን ይችላል።

ቀጥ ብሎ የወጣ ዋጋ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። አንድ ትልቅ መገበያያ ሳንቲሙን ለግብይት እንደሚቀበል ሲያስታውቅ ዋጋው በደቂቃዎች ሊዘል ይችላል፤ ይህንንም ዜና ቀድሞ የሰማ ሰው ገዝቶ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ ዜናው በመገበያያው የራሱ ገጽ ላይ መገኘቱ፣ ዋጋው ሳንቲሙ በሚሸጥባቸው መገበያያዎች ሁሉ አብሮ መውጣቱና ግብይቱ ለቀናት መዝለቁ ነው። በቅንጅት የተናረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መገበያያ ላይ ይጀምራል፤ ግብይቱም በማግሥቱ ወደ ዝምታው ይመለሳል።

ለኢትዮጵያዊ ገዥ ሌላም ችግር አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ባወጣው ማሳሰቢያ ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። ዶላር የሚተካውን ዲጂታል ገንዘብ ከግለሰብ በብር ገዝቶ በውጭ መገበያያ የከሰረ ሰው፣ የቻናሉን ባለቤቶች በስም ባያውቃቸውና መገበያያውም በሌላ አገር ቢሆን፣ ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ክሪፕቶፒያ ራሱ ቢቪቢ ከናረ ከሁለት ወር በኋላ በሰርጎ ገቦች ተዘርፎ በዚያው ዓመት ወደ ኪሳራ ማጣሪያ ገብቷል።