የእንባ ዕጢ መውጣት

«የቼሪ ዓይን» የሚለው ስም በውሻ አርቢዎች ዘንድ እየተለመደ መምጣቱ ያንገበግበኛል። ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቼሪ በልቶ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? «እሸት ቡና» ቢባል እንኳ መልኩ ይታወቅ ነበር፤ በቡችላው ዓይን ጥግ ብቅ የሚለው ሥጋ ቀይና ድቡልቡል ነውና። መልኩን መናገር ግን በሽታውን መናገር አይደለም።

«ቀይ ዓይን» የሚሉም አሉ። አቧራም፣ ጭስም፣ ቁስልም ዓይንን ያቀላል፤ ስለዚህ ስሙ ምንም አይለይም። «የዓይን ዕጢ» ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። በአማርኛ ዕጢ የምንለው ጤነኛውን ፈሳሽ አመንጪም፣ የሚቆረጠውን እባጭም ነው። ሰሚው እባጩን ያስባል።

አንዲት የቡሬ ጎረቤቴ ያጋጠማት ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣችው የስድስት ወር ቡችላ ዓይኑ ጥግ ላይ ቀይ ሥጋ ወጣበት። «ዕጢ ነው» ተባለና ተቆርጦ ተጣለ። ዓይኑ ለጊዜው አማረ። ከብዙ ወራት በኋላ ግን ማብረቅረቁ ጠፋ፣ ወፍራም ቢጫ ዓይናር ጠዋት ጠዋት ይለጠፍበት ጀመር። ዓይኑ ደርቆ ነበር። ውሻ ከሁለቱ ቆቦች ሌላ በውስጠኛው ጥግ ሦስተኛ ቆብ አለው፤ ከሥሩ ያለው ዕጢ ከእንባው ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያመነጫል። የሚይዘው ጅማት ሲላላ ተንሸራቶ ይወጣል። የተቆረጠው ይህ ነበር።

እኔ የምመርጠው «የእንባ ዕጢ መውጣት» የሚለውን ነው። ላም ወልዳ «ማህፀኗ ወጣ» ሲባል የጎጃም ገበሬ የሚያስበው መመለሱን ነው፤ ቆርጦ መጣልን አያስበውም። የወጣ ነገር ይመለሳል። ይህንንም ዕጢ ሐኪሙ በሦስተኛው ቆብ ውስጥ እንደ ኪስ ያለ ቦታ አብጅቶለት፣ ከቶ ይሰፋዋል። በጣት ቢገፉት ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። በቀናት ውስጥ መታየት አለበት እንጂ ሌሊት የሚያስሮጥ አይደለም።

የሚያስሮጠው ሌላ ነው። ውሻው ዓይኑን ጨፍኖ አልከፍት ካለ፣ ብሌኑ ላይ ሰማያዊ ጉም ከለበሰ፣ ኳሱ ካበጠ፣ እሾህ ወይም ጥፍር ከወጋው፣ ድንገት ማየት ከተሳነው የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው። ቤት የተረፈ የሰው ዓይን ጠብታ አይጨመርበት፤ ኮርቲዞን ያለበት ከሆነና ብሌኑ ከቆሰለ ቁስሉን እስከመብሳት ያደርሰዋል።

«እንባ» የምትለው ቃል እንዳትጣል የምለምነውም ለዚህ ነው። «ዓይኑ ወጣ» ማለት ኳሱ ራሱ ከጎድጓዳው ወጥቷል ማለት ነው፤ አፍንጫቸው ደፍጣጣ በሆኑ ውሾች ከጠብ በኋላ ያጋጥማል። ያኔ ኳሱን ሳይገፉ በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሸፍኖ ወዲያው መሮጥ ነው። በስልክ ለሐኪሙ የሚነገረው «ዓይኑ ወጣ» ነው ወይስ «የእንባ ዕጢው ወጣ»?