ሚዛን

«ሚዛን» የሚለው ቃል «መዘነ» ከሚለው ግስ ጋራ የተዛመደ ስለ ሆነ፣ ሰሚው ሁሉ ተወዛውዞ ተወዛውዞ በመጨረሻ ጸጥ ብሎ የሚያርፈውን የነጋዴ ሚዛን ያስባል፤ የአዳኝንና የታዳኝን እኩልታ በጽሑፍ የሚተረጉም ተማሪም አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው ከዚሁ የተነሣ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ቪቶ ቮልቴራ በ1926 እ.ኤ.አ. የአድርያቲክን ባሕር ዓሦች ነገር ሲመረምር፣ ታዳኙን x አዳኙን y ብንላቸው፣ ነገሩን እንዲህ አኖረው፦

```
x' = ax − bxy
y' = −cy + dxy
```

ሁለቱም ለውጦች በአንድነት ዜሮ የሚሆኑት ወይ ሁለቱ ወገኖች ፈጽመው ሲጠፉ፣ ወይም x = c/d እና y = a/b ሲሆኑ ነው፤ a = 1፣ b = 0.1፣ c = 0.5፣ d = 0.01 ብንል፣ 50 ታዳኝና 10 አዳኝ ይሆናሉ። የሚያስደንቀው፣ የታዳኙን ቁጥር የሚወስኑት c እና d፣ ማለት የአዳኙ ሞትና መራባት፣ መሆናቸው ነው። ከዚህ ነጥብ ፈቀቅ ብሎ የተነሣ ግን ነጥቡን ሲዞር ይኖራል እንጂ ከቶ አያርፍበትም፤ የአንድ ሙሉ ዑደት አማካይ ብቻ ከነጥቡ ጋራ ይገጥማል። ስለዚህ ተማሪው «ወደ ሚዛን ይመለሳሉ» ማለቱን ትቶ «በሚዛኑ ነጥብ ዙሪያ ይመላለሳሉ» ብሎ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓሣ ማጥመድ ሲቀንስ a ከፍ፣ c ዝቅ በማለታቸው፣ ከሚጠመዱት መካከል የአዳኞቹ ዓሦች ድርሻ ለምን እንደ በዛ ከአማካዩ አንሥቶ ማስረዳት ይችላል።