የ«ቤተሰብ ስም» ወጥመድ፦ የውርስ ኢሜይል ከየት መጣ?

ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ያለውን ዳዊት ተስፋዬ የተባለ ሰው በምሳሌነት እንውሰድ። ከለንደን «ጠበቃ» ኢሜይል ይደርሰዋል። «ደንበኛዬ ሚስተር ተስፋዬ በአውሮፕላን አደጋ ከነቤተሰቡ አልቋል። በባንክ 9 ሚሊዮን ዶላር ትቷል። የቤተሰብ ስማችሁ አንድ ስለሆነ ወራሽ አድርጌ ላቅርብህ፤ 40 በመቶው ያንተ ነው» ይላል።

ማታለያው እዚሁ ላይ ይጋለጣል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ተስፋዬ የዳዊት አባት ስም ነው፤ ጎረቤቱ ያለው ተስፋዬ ዘመዱ አይደለም። ደብዳቤው የተሰፋው የአውሮፓውያንን አሰያየም ተከትሎ ነው። ላኪው የሚያውቀው የኢሜይል አድራሻው ላይ የተጻፈውን ሁለተኛ ስም ብቻ ነው።

ዘዴው ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈረንሳይ እስረኞች «ጌታዬ ሀብቱን ቀብሮ ሸሽቷል፤ ቦታውን ላሳይህ፣ ለመንገድ ገንዘብ ላክልኝ» እያሉ ለባለጸጎች ይጽፉ ነበር። ወንጀለኛ ሆኖ በኋላ የፖሊስ አለቃ የሆነው ቪዶክ፣ ከመቶ ደብዳቤ ሃያው መልስ ያገኝ እንደነበር ጽፏል። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታሪኩ «የስፔን እስረኛ» ተብሎ አሜሪካ ገባ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ናይጄሪያ ውስጥ ተስፋፋ፤ «419» የሚለውን ስሙንም ያገኘው ከአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ነው። አጭበርባሪዎቹ እውነተኛ የአውሮፕላን አደጋዎችን ይጠቅሳሉ። በጥር 2000 (እ.ኤ.አ.) የተከሰከሰው የአላስካ አየር መንገድ አውሮፕላን ሟቾች ስም ለዚህ ውሏል። ተቀባዩ ዜናውን ፈልጎ ሲያገኘው አደጋው እውነት ስለሆነ ውርሱም እውነት ይመስለዋል።

ዳዊት መልስ ከሰጠ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ትንሽ ነው፤ «የሰነድ ማረጋገጫ» ይባላል። ቀጥሎ «የውርስ ግብር»፣ ከዚያ «የማስተላለፊያ ክፍያ» ይመጣል። የከፈለው ሲበዛ ማቋረጥ ይከብደዋል፤ ካቆመ የከፈለው ሁሉ ከንቱ ይቀራልና። ብዙ ሰው የሚከስረው በዚህ ነው። «ክፍያውን ከድርሻዬ ቀንሱ» ቢላቸው፣ ሒሳቡ ታግዷልና ከውጭ መከፈል አለበት ይሉታል። ይህ መልስ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው።

ሕጉም ይህን አይፈቅድም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውርስ በዝምድና ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ ልጆችና ተወላጆቻቸው፣ ወላጆች፣ አያቶች፣ ቅድመ አያቶች። ሁሉም ከሌሉ፣ ኑዛዜም ከሌለ፣ ንብረቱ ለመንግሥት ነው። ወራሽነትን የሚያረጋግጠው ፍርድ ቤት ነው። ዘመድ ያልሆነን ሰው «ወራሽ አድርጌ ላቅርብህ» የሚል ጠበቃ ሐሰተኛ ማስረጃ እናቅርብ ማለቱ ነው። የተታለለውም ኋላ ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ የሚያፍረው ለዚህ ነው።

ዝምታውም ለሁለተኛ ዙር ይጠቅማቸዋል። ከወራት በኋላ «መርማሪ» ነኝ የሚል ሰው ይጽፍለታል፤ የጠፋውን ገንዘብ ላስመልስልህ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ላክ ይለዋል።