የቋሚ ደንበኛ ኮሚሽን

የቋሚ ደንበኛ ኮሚሽን ሻጭ አዲስ ደንበኛ ባመጣ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደንበኛው ተመልሶ በገዛ ቁጥርም የሚከፈል ነው። ለምሳሌ ከድሬዳዋ እስከ ጀልዴሳ ላሉ ሱቆች ሳሙና የሚያከፋፍል፣ ሦስት ሻጮች ያሉት ድርጅት ለመጀመሪያው ትእዛዝ ብቻ 3 በመቶ ይከፍላል እንበል። የ20,000 ብር ትእዛዝ ለሻጩ 600 ብር ያስገኛል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጀልዴሳ የሚመልሰው ጥቅም የለም። ክፍያው ለመጀመሪያው 2 በመቶ፣ ለቀጣዮቹ 1 በመቶ ቢሆን ግን በመጀመሪያ 400፣ ከዚያም በየትእዛዙ 200 ብር ያገኛል። በሁለተኛው ትእዛዝ ከቀድሞው ጋር ይስተካከላል፤ በስድስተኛው 1,400 ብር ይደርሳል። ዱቤ በበዛበት ገበያ ኮሚሽኑ መታሰብ ያለበት ገንዘቡ ሲሰበሰብ ነው፤ አለዚያ ሻጩ ለማይከፍልም ያራግፋል።

ደካማው ጎን «አዲስ» የሚባለው ደንበኛ ነው። ለ90 ቀን ያልገዛ እንደ አዲስ ከተቆጠረ፣ ሻጩ ትእዛዝ ማዘግየት ይጀምራል፤ ከ90ኛው ቀን ማግስት የሚከማቹ ትእዛዞች ይህን ያጋልጣሉ። ያው ሱቅ በሌላ ስም ሲመዘገብ ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና ስልኩን ማመሳከር ይበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽን እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠር፣ መነሻ ደመወዙ በውሉ ለብቻው ይጻፋል።